"ህንዶች ስንት አምላክ ነው ያላቸው?"

ይቺ ጥያቄ የማታረጅ ጥያቄ ናት። ክፍል ውስጥ ተጠይቄያታለሁ፣ ቡና ላይ ተጠይቄያታለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ። ግማሻችሁ "330 ሚሊዮን አምላክ አላቸው" የሚል ቪዲዮ አይታችኋል። ግማሻችሁ ደግሞ "ውሸት ነው፣ እነሱም እንደኛው በአንድ አምላክ ነው የሚያምኑት፣ ስም ነው ያበዙት" የሚል አንብባችኋል። የቱ ነው ልክ?

ሐሳቤን መጀመሪያ ላይ ልናገርና ከዚያ ላብራራ። በእኔ እምነት ሁለቱም መልስ አይሆንም። የመጀመሪያው መልስ ስም ቆጥሮ ይጨርሳል። ሁለተኛው ደግሞ የራሳችንን እምነት ለህንዶች አልብሶ ይጨርሳል። ሁለቱም ሰዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ አይሰሙም።

ለምን ይጠቅመናል የምትሉ ካላችሁ፣ እኛ ከህንዶች ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። በጃንሆይ ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አባቶቻችን ግን "ህንድ" ሲባል ሁሉንም ላም አምላኪ አድርገው ነው የቆጠሩት። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ህንዳውያን መምህራን ያስተምራሉ፤ ከእነሱ መካከል ደግሞ ሂንዱዎች አሉ። ከሰውየው ጋር አብራችሁ ሻይ እየጠጣችሁ "ይሄ ጣዖት አምላኪ ነው" ብላችሁ በልባችሁ ዘግታችሁት ከሆነ፣ ቢያንስ የዘጋችሁት በር ምን እንደሆነ እወቁ ነው የምለው። አለመስማማት መብታችሁ ነው። ሳያውቁ አለመስማማት ግን ትርጉም የለውም።

እሺ፣ ወደ ቁጥሩ እንግባ። የሚገርመው ነገር ይህን ጥያቄ እኛ አልፈጠርነውም። ህንዶች ራሳቸው ከ2500 ዓመት በላይ በፊት ጠይቀውታል፣ መልሱም በቅዱስ መጽሐፋቸው ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ይባላል። ስሙ ይከብዳል፣ ታሪኩ ግን ቀላል ነው።

ጃናካ የሚባል የቪዴሃ ንጉሥ ትልቅ ድግስ ደግሶ ሊቃውንትን ሰበሰበ። 1000 ላሞች አሰልፎ በየቀንዳቸው ወርቅ አሰረባቸውና "ከመካከላችሁ በዕውቀት የሚበልጠው ይንዳቸው" አለ። ያጅናቫልክያ የሚባለው ሊቅ ምንም ሳይከራከር ተማሪውን ላሞቹን ወደ ቤት እንዲነዳ አዘዘው። ድፍረቱን አያችሁ? ሌሎቹ ተናደዱና ተራ በተራ በጥያቄ ያፋጥጡት ጀመር። ከእነሱ አንዱ ሻካልያ የሚባለው ነበር። የእሱ ጥያቄ አማልክት ስንት ናቸው የሚል ነው።

ያጅናቫልክያ መጀመሪያ የሰጠው መልስ 3306 የሚል ነው። ሻካልያ መልሱን ተቀበለና ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። አሁን መልሱ 33 ሆነ። እንደገና ጠየቀው፣ 6 አለው። እንደገና፣ 3። እንደገና፣ 2። እንደገና ሲጠይቀው "አንድ ተኩል" አለው። በመጨረሻ ሲጠይቀው አንድ አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ሻካልያ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ እንዲያስረዳው ጠይቆታል። ያጅናቫልክያም 3306ቱ ኃይላቸውና ክብራቸው ነው፣ አማልክቱስ 33 ናቸው አለ። 33ቱን ደግሞ ቆጠራቸው። ስምንቱ ዓለም የሚኖርባቸው ነገሮች ናቸው፤ እሳት፣ ምድር፣ ነፋስ፣ ጠፈር፣ ፀሐይ፣ ሰማይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። አሥራ አንዱ በሰው ውስጥ ያሉ የሕይወት ኃይሎች ናቸው፤ አሥሩ እስትንፋሶችና ነፍስ። እነሱ ከሰውነት ሲወጡ ዘመድ ያለቅሳል፣ ስማቸውም በሳንስክሪት ከ"ማስለቀስ" የመጣ ነው ይላል። አሥራ ሁለቱ የዓመቱ ወራት ናቸው፤ ሁሉን ነገር ይዘው ስለሚሄዱ። ይሄ 31 ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ነጎድጓድና መሥዋዕት ናቸው።

ልብ ብላችኋል? ከላይ ጢም አሳድገው ዙፋን ላይ የተቀመጡ 33 ሽማግሌዎች አይደሉም። ዓለምን የሚያንቀሳቅሱ ኃይሎች ናቸው። ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ ኃይሎቹ እርስ በርስ እየተጠቃለሉ ይሄዳሉ። ሦስቱ፣ ሌሎቹ ሁሉ ያሉባቸው ሦስቱ ዓለማት ናቸው። ሁለቱ ምግብና እስትንፋስ ናቸው። አንድ ተኩሉ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ አንድ ሆኖ ሳለ ሁሉ በእሱ ስለሚያድግ "ተኩል" ተጨመረለት። የመጨረሻው አንዱ እስትንፋስ ነው፣ እሱም ብራህማን ነው፤ ስሙን ሲጠሩት "ያ" ብቻ ይሉታል።

እንግዲህ 330 ሚሊዮን የሚለው ከየት መጣ? ከዚህችው ከ33 ነው የሚነሳው። በኋላ ዘመን "33 ኮቲ" የሚል አነጋገር ተለመደ። ኮቲ አሥር ሚሊዮን ማለት ነው፤ ስለዚህ ሲባዛ 330 ሚሊዮን ይመጣል። ኮቲ "ወገን" ወይም "ዓይነት" ማለትም ነው፣ ስለዚህ 33 ዓይነት ለማለት ነው ብለው የሚከራከሩ ሂንዱዎች አሉ። ክርክሩን ለእነሱ እንተውላቸው። ለእኛ የሚበቃን ይሄ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ የ330 ሚሊዮን አማልክት ስም ዝርዝር አላዘጋጀም። "እልፍ አእላፍ" እንደምንለው ነው፤ ብዛትን ለመናገር እንጂ ለመቁጠር አይደለም።

ወደ ከባዱ ነገር እንሂድ። ያ "አንዱ" ምንድነው?

መጀመሪያ ሦስት ቃላት እንለይ፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ ሲጻፉ መንትያ ይመስላሉ። ብራህማ ከአማልክቱ አንዱ ነው፤ በሥዕል ባለ አራት ፊት ሆኖ የምታዩት፣ ፈጣሪ የሚባለው። ብራህሚን የካህናቱ ወገን ሰው ነው። ብራህማን ግን አምላክም ሰውም አይደለም፤ ሁሉ ነገር ከእሱ የወጣ፣ በእሱ የሚኖር፣ ወደ እሱ የሚመለስ የመጨረሻው እውነት ነው። እነዚህን ሦስቱን ያደባለቀ ጽሑፍ ካያችሁ ጸሐፊው ጉዳዩን እንዳላጠራው በዚያ ታውቃላችሁ።

ብራህማንን ለማስረዳት የራሳቸው መጽሐፍ የሚጠቀምበት ምሳሌ አለ፣ ቻንዶግያ በሚባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ። ኡዳላካ የሚባል አባት ልጁ ሽቬታኬቱ ለ12 ዓመት ተምሮ በትዕቢት ተነፍቶ ሲመለስ አየው። ልጁን ጨው ውሃ ውስጥ ጨምሮ እንዲያሳድረው አዘዘው። በነጋታው ጨውን አምጣ አለው። ልጁ ፈለገ፣ አጣው፤ ሟሙቷል። ከላይ ቅመሰው አለው፣ ጨው ነው። ከመሃል ቅመሰው፣ ጨው ነው። ከታች ቅመሰው፣ ያው ጨው ነው። አባትየው እንግዲህ እንዲህ ነው አለው፤ አታየውም፣ ግን በሁሉም ውስጥ አለ። ከዚያ ደግሞ የሚያስደነግጠውን ጨመረበት፤ አንተም እሱው ነህ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ከእኛ አስተሳሰብ የምትለይበት ቦታ ናት። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የተማርነው ፈጣሪ ሌላ፣ ፍጡር ሌላ መሆኑን ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሌላ፣ ጀበናው ሌላ። ኡዳላካ የሚለው ግን ጀበናውን ተውትና ሸክላውን እዩ ነው። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት የሚባሉት ስሞች ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ ያለው አንዱ ሸክላ ነው። ስለዚህ የሂንዱው "አንድ" ከሁለትና ከሦስት በፊት የሚቆጠረው አንድ አይደለም። ከእሱ ውጭ ሌላ ነገር ስለሌለ የማይቆጠር አንድ ነው። "እነሱም እንደኛው በአንድ አምላክ ያምናሉ" የሚለው መልስ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ "አንድ" ስንል ሌሎች አማልክት የሉም ማለታችን ነው። እነሱ "አንድ" ሲሉ ሌላ ነገር የለም ማለታቸው ነው።

"ታዲያ አንድ ከሆነ ያ ሁሉ ምስል ለምንድነው?" ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛ አገር ወንዝ አናጣም። ከመቱ አጠገብ የሚያልፈውን ሶርን ታውቁታላችሁ። ሶር ገባ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ ጋምቤላን አልፎ ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። ሱዳን ላይ ሆኖ ውሃ የሚቀዳ ሰው "ይሄ ሶር ነው" ሊል አይችልም። መቱ ላይ ሆኖ ግን ሶርን "ነጭ ዓባይ" ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ልጅነቱ ያለፈው፣ የዋኘው፣ ልብሱን ያጠበው ሶር ላይ ነው። ኡዳላካም ለልጁ የወንዝ ምሳሌ ሰጥቶታል፤ ወንዞች ባሕር ሲገቡ እኔ ይሄኛው ነኝ ማለታቸው ይቀራል ብሎ። ሂንዱውም እንዲህ ነው፤ ብራህማንን ሊያቅፈው፣ ሊለምነው፣ ሊያለቅስለት አይችልም፤ ስም የለውም፣ መልክ የለውም። ስለዚህ በሚቀርበው ስምና መልክ በኩል ይቀርባል። አንዱ በክሪሽና፣ አንዱ በሺቫ፣ አንዱ በዱርጋ። ይህን የመረጠውን "ኢሽታ ዴቫታ" ይለዋል፤ ልቡ የወደደው አምላክ ማለት ነው።

ከእኔ ጋር ያስተምር የነበረ አንድ ህንዳዊ ባልደረባዬ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የክሪሽና ሥዕል ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት መብራት ያበራለታል። እናቱ የዱርጋ፣ ባለቤቱ የሺቫ እንደሆኑ ነገረኝ። "ታዲያ አትጣሉም?" ስለው ሳቀና "እናቴን አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?" አለኝ። "እማማ እላቸዋለሁ" አልኩት። "እኔ አማ እላታለሁ። ባለቤቴ አማት ትላታለች። ልጄ አያት። ሴትዮዋ ስንት ናት?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን አስተሳሰብ በዕቃ አስቀምጠው የምታዩበት የአምልኮ ሥርዓት አለ። ፓንቻያታና ይባላል። አምስት አማልክት በአንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሺቫ፣ ቪሽኑ፣ ዴቪ፣ ሱርያና ጋኔሽ። አራቱ በአራቱ ማዕዘን፣ አንዱ መሃል። መሃል የሚቀመጠው ማን ነው? አምላኪው የመረጠው። የሺቫ ሰው ቤት ሺቫ መሃል ነው፣ የቪሽኑ ሰው ቤት ቪሽኑ። ቦታቸውን መቀያየር የሚቻለው አምስቱም ወደ አንዱ የሚወስዱ በሮች ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ስለ ጣዖትም አንዲት ነገር ልበል። በጋኔሽ በዓል ጊዜ ከሸክላ ምስል ይሠራሉ። በጸሎት አምላኩ እንዲያድርበት ይጋብዙታል። እስከ አሥር ቀን ድረስ አበባና ምግብ ያቀርቡለታል። ከዚያ በዘፈንና በጭፈራ አጅበው ወንዝ ወይም ባሕር ወስደው ውሃ ውስጥ ያሟሙታል። ጭቃውን አምላክ ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ አምላካቸውን ያሰጥሙት ነበር? ምስሉ እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። እንግዳው ሲሸኝ ወንበሩ ይነሳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አንድ ህንዳዊ መቱ መጥቶ ወር ሙሉ ቢቀመጥ ምን ያያል? በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። ሥዕሉ ይሰቀላል፣ ስለት ይገባል፣ ታቦት ሲወጣ ሕዝብ ይሰግዳል። ወደ አገሩ ተመልሶ "ኢትዮጵያውያን በወር ውስጥ ብዙ አምላክ ያመልካሉ" ብሎ ቢጽፍ ምን ይሰማናል? "ኧረ እነሱ አምላክ አይደሉም፣ አማላጆች ናቸው!" ብለን እንጮኻለን። ልክም ነን። ከውጭ ሆኖ ስም መቁጠር እንዴት እንደሚያሳስት በራሳችን ላይ ሲሆን ቶሎ ይገባናል። ግን ንጽጽሩን እዚህ ላይ አቁሙት። ቅዱሳን ፍጡራን ናቸው። ክሪሽና ለሂንዱው አማላጅ ፍጡር አይደለም፤ ያው አንዱ በመልክ የተገለጠ ነው። ሙስሊም ወንድሞቼም 99ኙን የአላህ ስሞች ማንሳታችሁ አይቀርም። እዚያም ስም ብዙ፣ ባለቤቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ሂንዱው ለእያንዳንዱ ስም መልክና ቤት መስጠቱ በእስልምና ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የሚቀርበው ንጽጽር እዚሁ አፈራችን ላይ ያለው ነው። የድሮ የኦሮሞ ሽማግሌዎችን ዋቃ ስንት ነው ብትሏቸው አንድ ነው ይሏችኋል። አያናስ? አያና ብዙ ነው፤ የሰው አያና አለ፣ የጎሳ አያና አለ፣ የቀን አያና አለ። ላምበርት ባርቴልስ የሚባል የካቶሊክ ሚስዮናዊ የምዕራቡን የሜጫ ኦሮሞ ሽማግሌዎች ለዓመታት ጠይቆ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር በሰፊው አስረድቷል፤ አያና ከዋቃ ጋር የሚፎካከር ሌላ አምላክ ሳይሆን ዋቃ ለእያንዳንዱ ፍጥረት የሚቀርብበት መንገድ ነው። አያቶቻችን "አንድም ብዙም" የሚለውን ያለ ሳንስክሪት ያውቁት ነበር ማለት ነው። እነሱም ግን "ጨሌ አምላኪ" ከመባል አልዳኑም። ያውም ከራሳቸው ልጆች አፍ። ልዩነቱም አይረሳ፤ ዋቃ ፈጣሪ ነው፣ ፍጥረቱ እሱ ራሱ አይደለም። "አንተም እሱው ነህ" የሚል የዋቄፈና ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

ሁሉም ሂንዱ እንደ ኡዳላካ ልጅ ጨውና ውሃ እያሰበ የሚኖር አይምሰላችሁ። ብዙው ሰው የሚለምነው ዝናብ፣ ልጅ፣ ጤናና የፈተና ውጤት ነው። እንደኛው። ሊቃውንቱም ቢሆኑ አይስማሙም። በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሻንካራ፣ ያውም የዚያችው የመምህሮቻችን አገር የኬራላ ልጅ፣ እውነት ብራህማን ብቻ ነው፣ ልዩነቱ የመሰለን በጨለማ ገመድን እባብ እንደማየት ነው አለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ራማኑጃ ደግሞ የለም፣ ዓለሙም ነፍሳቱም እውነት ናቸው፣ እነሱ የአምላክ አካል ናቸው፣ አምላኩም ቪሽኑ ነው አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት ማድቫ መጣና አምላክና ነፍስ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው ብሎ ሁለቱንም ተቃወመ። የማድቫን ተከታይ ብታነጋግሩት ከሻንካራ ይልቅ ለእኛ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ "ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የትኞቹ? በሉት።

እንግዲህ አስተማሪ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ ቁጥር አትስጧቸው። የሻካልያን ጥያቄ ንገሯቸውና ከ3306 ወደ 1 እንዴት እንደወረደ ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። ብርጭቆ ውሃና ጨው ካገኛችሁ ደግሞ ያስቀምሷት። ከዚያ "ይሄ ከእኛ እምነት በምን ይመሳሰላል? በምን ይለያል?" ብላችሁ ተውላቸው። እንዲስማሙ አይጠበቅባቸውም። ለመለየት ግን መጀመሪያ ማወቅ አለባቸው።

የሻካልያን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልሂድ። ቁጥሩ ካለቀ በኋላም መጠየቁን አላቆመም። በመጨረሻ ያጅናቫልክያ ተራውን አንድ ጥያቄ መልሶ ጠየቀው፤ ስለዚያ ስለ አንዱ። አልመለሰም። መጽሐፉ እንደሚለው ራሱ ተፈረከሰ። አማልክትን ሲቆጥር ኖሮ የሚቆጠሩበትን አላወቀም ነበር።

ከህንዶች ጋር የሠራችሁ፣ ወይም ህንድ ሄዳችሁ የተማራችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን። ስድብ ግን አጠፋለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።